ኒውስሌተር ለመጀመር፦ ከምዝገባ ፎርሙ እስከ መጀመሪያው ኢሜይል፣ የማንንም ግላዊነት ሳይጥሱ

ድረገጽ ያለው ሰው ኒውስሌተር ልጀምር ሲል በብዛት የሚያስጨንቀው የኢሜይሉ መልክ ነው። ቀለሙ፣ ሎጎው፣ ርዕሱ። ጣጣ የሚያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አድራሻው ዝርዝሩ ውስጥ እንዴት ገባ? ባለቤቱስ ምን ተብሎ ሰጠው?

አንድ ቀላል ፈተና አለ። ዝርዝራችሁ ውስጥ ካሉት አድራሻዎች አንዱን እንደመጣላችሁ አንሱ። "ይህ ሰው መቼ፣ የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኛውን ጽሑፍ አንብቦ እሺ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ተመዝግቦ ከተገኘ የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ካልተገኘ ለዚያ አድራሻ ምንም አትላኩ። ይህ መመሪያ ያንን መልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዴት መያዝ እንደሚቻል ያሳያል።

ሕጎቹ እንደየአገሩ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ጂዲፒአር የሚባለው፣ በፈቃድ የምትሠሩ ከሆነ ፈቃዱን ማግኘታችሁን የማስረዳት ግዴታውን እናንተ ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የካናዳ ሕግም ፈቃድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካው ካን-ስፓም ላላ ያለ ነው፤ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ነገር ግን መውጫ መንገድና የላኪውን የፖስታ አድራሻ ያስገድዳል። የራሳችሁ አገር ሕግ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ተመዝጋቢ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ስለማታውቁ፣ ከሁሉም ጠበቅ ያለውን ይዞ መነሳት ይሻላል። አሠራሩ አንድ ከሆነ "እገሌ ከየት ነው?" እያሉ መለየት አያስፈልግም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ስለ ብስክሌት ጥገና የሚጽፍ አንድ ሰው አለ እንበል። ዶሜይኑ `example.com` ነው። በወር አንድ ኢሜይል መላክ ይፈልጋል። ፎርሙን ራሱ ይሠራል፤ ለመላኩ ግን የኢሜይል መላኪያ ድርጅት ይጠቀማል።

## ከፎርሙ በፊት፦ ቃሉን ጻፉ

መጀመሪያ የሚጻፈው ኮድ አይደለም። ለተመዝጋቢው የምትገቡት ቃል ነው። ብስክሌት ጠጋኛችን እንዲህ ጻፈ፦ "በወር አንድ ጊዜ ስለ ብስክሌት ጥገና ኢሜይል እልክላችኋለሁ። ከእያንዳንዱ ኢሜይል ግርጌ ባለው ሊንክ በፈለጋችሁ ጊዜ መውጣት ትችላላችሁ።"

ይህች አጭር ጽሑፍ ተመዝጋቢው እሺ ያለበት ውል ናት። ነገ በየሳምንቱ መላክ ቢፈልግ፣ ወይም የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ቢያስገባ፣ ሰዎቹ እሺ ያሉት ለዚያ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያ የመጨመር ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ይጻፍ። "አዳዲስ መረጃዎችን ለማግኘት ይመዝገቡ" የሚለው የተለመደ አባባል ግን አያዋጣም። መረጃው ስለ ምን እንደሆነና በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ አይናገርም።

ቀጥሎ ምን እንደምትጠይቁ ወስኑ። ኢሜይል ለመላክ የሚያስፈልገው ኢሜይል ብቻ ነው። ስም የሚያስፈልገው በእርግጥ በስም የምትጠሯቸው ከሆነ ነው። ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ ከተማ "ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅማል" ተብሎ አይሰበሰብም። ያልያዛችሁት መረጃ አይሰረቅም፤ "ለምን ያዛችሁት?" ተብላችሁም አትጠየቁበትም።

## ፎርሙ

```html
<form action="/subscribe" method="post">
  <label for="email">ኢሜይል</label>
  <input type="email" id="email" name="email"
         autocomplete="email" required>
  <p>በወር አንድ ጊዜ ስለ ብስክሌት ጥገና ኢሜይል
     እልክላችኋለሁ። በፈለጋችሁ ጊዜ መውጣት ትችላላችሁ።
     <a href="/privacy">መረጃችሁን እንዴት እንደምይዝ</a></p>
  <button type="submit">መዝግበኝ</button>
</form>
```

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ያለው ከቁልፉ በላይ ነው። ሰው ሳያነበው እንዳይጫን፣ ከግርጌ በደቃቃ ፊደል አይደበቅም። ሁለተኛ፣ `method="post"` ይላል። እሱን ከተዋችሁት ብራውዘሩ `get` ይጠቀማል፤ የሰውየው ኢሜይል የገጹ አድራሻ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ የሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ይገባል፣ የብራውዘር ታሪክ ውስጥ ይቀራል፣ የጎብኚ መቁጠሪያ ካላችሁም ወደዚያ ይሄዳል። የምስጋና ገጹም ላይ ያው ስህተት በብዛት ይታያል። ከተመዘገቡ በኋላ የብራውዘሩ አናት ላይ `/thanks?email=` የሚል ካያችሁ አድራሻው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። `/thanks` ብቻ ይበቃል።

የመላኪያ ድርጅቱ ኮፒ አድርጋችሁ የምትለጥፉት ዝግጁ ፎርም ከሰጣችሁ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ውስጡን እዩት። አንዳንዱ ፎርም አብሮ ስክሪፕት ይጭናል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ ያልተመዘገበውን ጎብኚ ጭምር ሊከታተል ይችላል። ድርጅቱ ያለ ስክሪፕት የሚሠራ ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም ከሰጠ እሱን ምረጡ።

ቼክ ቦክስ ያስፈልጋል ወይ? ፎርሙ የኒውስሌተር ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ጽሑፉን አንብቦ "መዝግበኝ" የሚለውን መጫን ራሱ እሺታ ነው። ነገር ግን ምዝገባው ከሌላ ነገር ጋር ከተቀላቀለ፣ ለምሳሌ ከዕቃ ግዢ ወይም ከአካውንት መክፈቻ ጋር፣ ለብቻው የቆመ ቼክ ቦክስ ያስፈልጋል። እሱም ባዶ ሆኖ መምጣት አለበት። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 ፕላኔት49 በሚባለው ጉዳይ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል እንደማይችል ወስኗል። ሰው ያላነሳውን ምልክት እንደ እሺታ መቁጠር አይቻልም።

## ሁለት ጊዜ እሺ ማሰኘት

ፎርሙ ላይ ኢሜይል የጻፈው ሰው የኢሜይሉ ባለቤት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አታውቁም። አንዱ የጓደኛውን ይጽፋል፣ ሌላው ፊደል ይሳሳታል፣ ሮቦት ደግሞ የማያውቃቸውን ሺህ አድራሻዎች ያስገባል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የተሞላውን አድራሻ ወዲያው ዝርዝር ውስጥ አታስገቡ። "በመጠባበቅ ላይ" በሚል ያዙትና የማረጋገጫ ኢሜይል ላኩ። ባለቤቱ ካረጋገጠ ብቻ ተመዝጋቢ ይሆናል። ጂዲፒአር ይህን በቃል አያዝም፤ ሆኖም ፈቃድ ማግኘታችሁን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

```
email         reader@example.com
status        confirmed
requested_at  2025-03-04 09:12 UTC
confirmed_at  2025-03-04 09:20 UTC
page          /brakes-guide
text_version  v1
```

ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን መስመር ነው። ፎርሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጊዜ ጊዜ ይቀየራል። ዛሬ የተመዘገበው ሰው ምን አንብቦ እንደነበር ከሁለት ዓመት በኋላ ለማወቅ፣ የጽሑፉን ቅጂ `v1` ብላችሁ በፋይል አስቀምጡ። ቃሉን ስትቀይሩ `v2` ይሆናል። ሥራው የደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ግን ይህ ነው። የአይፒ አድራሻም አብረው የሚይዙ አሉ። አይፒ ራሱ የግል መረጃ ነው፤ ባለቤቱ ከኢሜይል ሳጥኑ ካረጋገጠ በኋላ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። እኔ ባይያዝ እመርጣለሁ። ከያዛችሁት የግላዊነት ገጻችሁ ላይ ይጻፍ።

የማረጋገጫ ኢሜይሉ አጭር ይሁን። "ይህ አድራሻ ለብስክሌት ጥገና ኒውስሌተር ተመዝግቧል። እርስዎ ከሆኑ ከታች ያለውን ሊንክ ተጭነው ያረጋግጡ። ካልሆኑ ምንም አያድርጉ፤ አድራሻውን በ7 ቀን ውስጥ እናጠፋዋለን።" በቃ። ማስታወቂያ፣ የቅናሽ ኮድ፣ "እስከዚያው ይህን ያንብቡ" አይገባበትም፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ገና እሺ አላለም። ካላረጋገጠም ደጋግማችሁ አታስታውሱት። ቃል በገባችሁት መሠረት በ7 ቀን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሰርቨራችሁ ላይ አስገቡ።

ሊንኩ ውስጥ የሚገባው ቶከን በዘፈቀደ የተፈጠረ ረጅም ኮድ ይሁን፤ ከ48 ሰዓት በኋላም አይሥራ። ኢሜይሉን ራሱን፣ ወይም ተራ ቁጥር፣ እንደ ቶከን አትጠቀሙ። `/confirm?id=57` ያለ ሊንክ የደረሰው ሰው 57ን 58 ብሎ የሌላውን ማረጋገጥ ይችላል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎች ሊንኩ እንደተከፈተ ወዲያው "ተረጋግጧል" እንዲል አድርገው ይሠሩታል። የብዙ መሥሪያ ቤት የኢሜይል መከላከያ ግን ኢሜይሉ ባለቤቱ ጋር ከመድረሱ በፊት ውስጡ ያሉትን ሊንኮች ራሱ ከፍቶ ይፈትሻል። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ሳያይ ሮቦቱ "እሺ" ይልለታል። መዝገባችሁ `confirmed` ይላል፤ ሰውየው ግን ስለ እናንተ ሰምቶ አያውቅም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የምዝገባውና የማረጋገጫው ሰዓት በሁለት ሦስት ሴኮንድ ብቻ ይለያያል፤ ደግሞም ይህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ዶሜይን በመጡ አድራሻዎች ላይ ይደጋገማል። መፍትሔው ሊንኩ አንድ ገጽ ብቻ እንዲከፍት ማድረግ ነው። ገጹ ላይ "አዎ፣ መዝግበኝ" የሚል ቁልፍ ይኖራል፤ ማረጋገጫው የሚመዘገበው ቁልፉ ተጭኖ በ`post` ሲላክ ነው። ለሰው አንድ ክሊክ ይጨምራል፤ እንዲህ ዓይነቱ ፈታሽ ሮቦት ግን በብዛት ቁልፍ አይጫንም።

ሌላም አለ። አንድ ሰው ከዚህ በፊት የተመዘገበ ኢሜይል ቢያስገባ ገጹ ምን ይበል? "ይህ ኢሜይል ቀድሞ ተመዝግቧል" ካለ፣ ማንም ሰው የሌላውን አድራሻ እየጻፈ ማን ተመዝጋቢ እንደሆነ ማጣራት ይችላል። ለብስክሌት ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ኒውስሌተሩ ስለ አንድ ሕመም ወይም ስለ ፍቺ ቢሆንስ? ስለዚህ በሁሉም ሁኔታ አንድ ዓይነት መልስ ስጡ፦ "ኢሜይልዎን ይመልከቱ።"

ሮቦቶችን ለመቀነስ ለዓይን የማይታይ አንድ ባዶ ሳጥን ፎርሙ ላይ ጨምሩ። ሰው አያየውም፤ ሮቦት ይሞላዋል። ተሞልቶ ከመጣ ጥያቄውን ጣሉት። ከአንድ ቦታ በሰዓት ስንት ምዝገባ እንደሚፈቀድም ገደብ አድርጉ። በአንድ ሌሊት ማንም ያላረጋገጣቸው መቶዎች ከተከማቹ ፎርማችሁን የሰው ሳጥን ለማጨናነቅ እየተጠቀሙበት ነው፤ እስክታስተካክሉ ፎርሙን ዝጉት።

## የግላዊነት ገጹና የመላኪያ ድርጅቱ

`/privacy` ላይ የሚጻፈው ረጅም መሆን የለበትም። ማን እንደሆናችሁና እንዴት እንደምትገኙ፣ ኢሜይሉን ለምን እንደምትይዙትና በፈቃዳቸው እንደሆነ፣ የትኛው ድርጅት እንደሚልክላችሁና መረጃው የት አገር እንደሚቀመጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሰውየው መረጃውን ለማየት፣ ለማረም፣ ለማጥፋትና ለተቆጣጣሪ አካል አቤት ለማለት መብት እንዳለው። በተራ ቋንቋ ከተጻፈ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከሌላ ድረገጽ አትገልብጡ፤ የማታደርጉትን "እናደርጋለን" ይልላችኋል።

መላኪያ ድርጅቱ መረጃውን የሚነካው በእናንተ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ በጂዲፒአር አንቀጽ 28 መሠረት በመካከላችሁ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች ውሉን አዘጋጅተው አካውንቱ ውስጥ አስቀምጠውታል። ፈልጋችሁ ተቀበሉ፣ አንድ ቅጂም አውርዳችሁ ያዙ።

## ዶሜይኑን ማስተካከል

ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የላኪዎችን ደንብ አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው `SPF`፣ `DKIM` እና `DMARC` የሚባሉትን ሦስቱንም የላኪ ማረጋገጫ መዝገቦች ማስተካከል አለበት፤ ለማስታወቂያ ኢሜይሎች በአንድ ክሊክ መውጫ መስጠትም ግዴታው ነው። ትንሽ ላኪም ብትሆኑ ሦስቱንም አድርጉ። እነዚህ መዝገቦች ሌላ ሰው በእናንተ ስም ለተመዝጋቢዎቻችሁ የማጭበርበሪያ ኢሜይል እንዳይልክ ያግዛሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የመላኪያ ድርጅቱ ይሰጣችኋል፤ የዶሜይናችሁ የዲኤንኤስ ገጽ ላይ ትለጥፋላችሁ። ተጠንቀቁ፦ አንድ ዶሜይን አንድ የ`SPF` መዝገብ ብቻ ነው የሚኖረው። ከበፊቱ ካለ አዲሱን እዚያው ውስጥ አዋህዱት፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም አይሠሩም። ሦስተኛውን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ፦

```
_dmarc.example.com  TXT
"v=DMARC1; p=none; rua=mailto:dmarc@example.com"
```

`p=none` ማለት ለጊዜው ዝም ብለህ ሪፖርት ላክልኝ ማለት ነው። ሪፖርቶቹን ለጥቂት ሳምንታት አይታችሁ የራሳችሁ ኢሜይሎች ሁሉ የሚያልፉ ከሆነ ያላለፈውን ወደ ስፓም አስገባ ወደሚለው `p=quarantine` ቀይሩት። መሥራቱን ለማየት ወደ ራሳችሁ የጂሜይል ሳጥን ሙከራ ላኩ፣ ኢሜይሉን ክፈቱና ከምናሌው `Show original` የሚለውን ተጫኑ። ሦስቱም ጎን `PASS` ማለት አለበት። ላኪ አድራሻችሁ ደግሞ `@example.com` ይሁን። በ`@gmail.com` አድራሻ በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል ከላካችሁ ኢሜይላችሁ ስፓም ውስጥ ቢገባ አይግረማችሁ።

## የመጀመሪያው ኢሜይል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለተመዝጋቢዎች ከራሳችሁ የኢሜይል ሳጥን ሁሉንም አድራሻ በአንድ ኢሜይል ላይ ደርድራችሁ አትላኩ። `Cc` ላይ ከተገባ እያንዳንዱ ተመዝጋቢ የሌሎቹን አድራሻ ያያል። ያ የመረጃ መፍሰስ ነው። በጂዲፒአር ሥር ከሆናችሁ፣ ሰዎቹን የመጉዳት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ በስተቀር፣ ባወቃችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። `Bcc` ይሻላል የሚል አለ፤ አንድ የጣት ስህተት ከ`Cc` ይለየዋል፤ ለየሰው የራሱ መውጫ ሊንክም አይኖረውም። መላኪያ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይልካል።

ሌላው ፈተና አሮጌ አድራሻ ነው። የበፊት ደንበኞች፣ ጥያቄ የላኩ ሰዎች፣ ስልክ ውስጥ ያሉ ወዳጆች። አንዳንድ አገር ዕቃ ለገዛ ደንበኛ ስለ ተመሳሳይ ዕቃ መጻፍን በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውጭ ያሉትን ተዋቸው። "መመዝገብ ይፈልጋሉ?" ብሎ መጠየቂያ መላክም ያው ማስታወቂያ ሊቆጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ ፍላይቢ የተባለውን አየር መንገድ 70,000 ፓውንድ የቀጣው፣ ኢሜይል አትላኩልን ላሉ ሰዎች "መረጃዎን ያድሱ" የሚል ኢሜይል በመላኩ ነው።

አሁን ኢሜይሉን እንጻፍ። ብስክሌት ጠጋኛችን እንዲህ ይጀምራል፦ "ይህ ኢሜይል የደረሳችሁ በ`example.com` ላይ ለወርሃዊ የብስክሌት ጥገና ኒውስሌተር ስለተመዘገባችሁ ነው።" ርዕሱ "የፍሬን ጎማ መቼ ይቀየራል?" ነው፤ ውስጡም ስለዚያው ነው። "ስለ ትእዛዝዎ" ወይም "ዳግም፦" ብሎ ለማስከፈት መሞከር አታላይ ርዕስ ነው፤ ካን-ስፓምም ይከለክለዋል። ግርጌው ላይ ስሙን፣ የፖስታ አድራሻውንና መውጫ ሊንኩን ያስቀምጣል። የቤቱን አድራሻ ማውጣት የማይፈልግ ሰው የተመዘገበ የፖስታ ሳጥን ቁጥር መጠቀም ይችላል።

የመውጫው ሊንክ ጽሑፉ ውስጥ ከመኖሩ ሌላ፣ በኢሜይሉ ሄደር ላይም ይገባል፦

```
List-Unsubscribe: <https://example.com/u/k7Qz3vTn>
List-Unsubscribe-Post: List-Unsubscribe=One-Click
```

በእነዚህ ሁለት መስመሮች አማካይነት ጂሜይል ከላኪው ስም አጠገብ የመውጫ ቁልፍ ማሳየት ይችላል። ብዙ መላኪያ ድርጅቶች ራሳቸው ይጨምሩታል፤ በ`Show original` አረጋግጡ። ሰውየው ቁልፉን ሲጫን ወደ ሰርቨሩ `post` ይላካል፤ ያኔ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ወዲያው መውጣት አለበት። ግርጌ ላይ ያለው ሊንክ ግን ሲከፈት ብቻውን አያስወጣ። ቅድም ያነሳነው ፈታሽ ሮቦት ሊንኩን ሲከፍት ተመዝጋቢው ሳያውቅ እንዳይሰረዝ፣ "አስወጣኝ" የሚል አንድ ቁልፍ ያለው ገጽ ይክፈት። የይለፍ ቃል መጠየቅ፣ "ኢሜይልዎን እንደገና ያስገቡ" ማለት፣ ምክንያት እስኪሰጥ መያዝ አይፈቀድም። ጂዲፒአር መውጣት የመግባትን ያህል ቀላል ይሁን ይላል። የአሜሪካና የካናዳ ሕግ እስከ 10 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ጂሜይል 2 ቀን ይላል። ለሰርቨር ግን ሴኮንድ ስለማይፈጅበት ወዲያው ይሁን።

ከዚያ ወደ መላኪያ ድርጅቱ ማስተካከያ ሂዱና ክትትሉን አጥፉ። ብዙ ጊዜ ሳይነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ማን እንደከፈተ የሚያሳውቀው በኢሜይሉ ውስጥ የተደበቀች አንዲት የማትታይ ምስል ናት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ አድራሻ አላት። ኢሜይሉ ሲከፈት ምስሏ ከሰርቨር ትጠራለች፤ ሰዓቱና አይፒው ይመዘገባል። የሊንክ ክትትል ደግሞ ሊንኮቻችሁን ሁሉ በድርጅቱ አድራሻ በኩል ያዞራቸዋል። ተመዝጋቢው እሺ ያለው ኢሜይል ለመቀበል እንጂ ሲያነብ ለመታየት አይደለም፤ በአውሮፓ ሕግም ክትትሉ የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩም ቢሆን አይታመንም። አፕል ከ2021 ጀምሮ የኢሜይል ምስሎችን አስቀድሞ እንዲጭን የሚያደርግ ምርጫ ስላስገባ፣ ያልተከፈተው እንደተከፈተ ይቆጠራል። ሰዎች ወደዱት ወይ ለማወቅ "መልሱልኝ" ብላችሁ ጠይቁ።

## ከመላክ በፊት ያለው ቆጠራ

ብስክሌት ጠጋኛችን መዝገቡን ሲያይ 61 ሰዎች ፎርሙን ሞልተዋል። 48ቱ አረጋግጠዋል። 2ቱ ካረጋገጡ በኋላ ወጥተዋል። ስለዚህ መላክ ያለበት ለ46 ሰው ነው። የመላኪያ ድርጅቱ ገጽ ላይ ከ"ላክ" ቁልፍ በላይ የተቀባይ ቁጥር ይታያል። 46 ካላለ ይቁም።

61 ካለ ያላረጋገጡት አብረው ገብተዋል። ይህ የሚሆነው ዝርዝሩን በሲኤስቪ ፋይል አውጥቶ ሲያስገባ የ`status` ዓምዱን ስላላጣራ ነው። 48 ካለ ደግሞ የወጡት ሁለቱ ተመልሰዋል፤ ከሁሉ የሚያስቆጣውም ይህኛው ነው። አሮጌ ፋይል እንደገና ስታስገቡ ድርጅቱ የወጡትን እንደ አዲስ ሊቆጥራቸው ይችላል። ለዚህ ሲባል የወጡ አድራሻዎች በተለየ የ"አትላክ" ዝርዝር ይያዛሉ። እያንዳንዱ መላኪያ በዚያ ዝርዝር ላይ ይጣራል።

ቆጠራው ከተስተካከለ በራሳችሁ ሁለት ሦስት አድራሻ ሙሉውን መንገድ ሂዱ። ተመዝገቡ፣ አረጋግጡ፣ ኢሜይሉን ተቀበሉ፣ ውጡ። ከዚያ ለዚያው አድራሻ እንደገና ለመላክ ሞክሩ። ሥርዓቱ እምቢ ካለ ሠርቷል። ከላከ ለሌላው ሰውም ይልካል ማለት ስለሆነ ሳይስተካከል አትቀጥሉ።

## ከተላከ በኋላ

አንዳንዱ ኢሜይል ይመለሳል። አድራሻው የለም ተብሎ የተመለሰ ከሆነ ዳግመኛ አትላኩበት፤ ሳጥኑ ሞልቷል የሚለው ግን ለጊዜው ነው። ቅሬታውንም እዩ። ጂሜይል ስፓም ነው የሚሉ ተቀባዮች ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይመክራል፤ 0.3 በመቶ እንዳይደርስም ያስጠነቅቃል። ለ300 ሰው ልካችሁ አንዱ ስፓም ካለ 0.33 በመቶ ነው። መውጫው በቀላሉ እንዲታይ ማድረግ እናንተንም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው የስፓም ቁልፍን ነው።

"መረጃዬን በሙሉ አጥፉ" የሚል ጥያቄ ከመጣ ጂዲፒአር የሚሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነው። እዚህ ላይ የሚጋጭ የሚመስል ነገር አለ። ሁሉንም ካጠፋችሁ የ"አትላክ" ዝርዝሩ ላይም አይኖርም፤ አሮጌ ፋይል ከገባ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። የተለመደው አሠራር የምዝገባ ሰዓቱን፣ ገጹንና ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ አድራሻውን ብቻ፣ ከተቻለም በሃሽ መልክ፣ "እንዳይላክለት" በሚል ዓላማ ማስቀረት ነው። ይህንንም ለጠያቂው በግልጽ ጻፉለት፤ የግላዊነት ገጹም ላይ ይኑር።

በመጨረሻም የኮምፒውተራችሁን የዳውንሎድ ፎልደር ክፈቱ። ለማስገባት ያወጣችሁት `subscribers.csv` እዚያ ተቀምጦ ይገኛል፤ `subscribers (1).csv` የሚባል ወንድምም ሊኖረው ይችላል። ሁለቱንም አጥፉ፣ ቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ።